ከመጨረሻው ወንበር የሚነበብ ስላይድ፦ ሁለት ፎንት ማጣመርና ዝቅተኛው የፊደል መጠን

ጥያቄ፦ «የቁጠባና ብድር ማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ የሚካሄደው በትምህርት ቤት አዳራሽ ነው። ባለፈው ዓመት ከኋላ የተቀመጡት አባላት ምንም አልታየንም ብለው ቅሬታ አቀረቡ። ስላይዱን የምሠራው በፓወር ፖይንት ነው፤ ርእሱ በNyala፣ ዝርዝሩ በCalibri 24 ነው። ዋና ዋናውን ቦልድ አደርጋለሁ፣ ከሥሩም አሰምርበታለሁ። ሸራው ላይ የሚያርፈው ምስል ከፍታው 2 ሜትር ሲሆን የመጨረሻው ወንበር 16 ሜትር ያህል ይርቃል። የትኞቹን ሁለት ፎንቶች ባጣምር ይሻላል? መጠኑስ ከስንት በታች መውረድ የለበትም?»

ምላሽ፦ ዝርዝሩ በCalibri የተጻፈ ይመስልዎታል እንጂ አይደለም፤ Calibri የግዕዝ ፊደል የለውም። ይህን ስም መርጠው አማርኛ ሲጽፉ ፕሮግራሙ ምንም ሳይነግርዎ ፊደሎቹን ከሌላ ፎንት ይዋሳል፤ በእውነት በCalibri የሚቀርቡት ቁጥሮቹና የእንግሊዝኛ ቃላቱ ብቻ ናቸው። የፓወር ፖይንት መደበኛ ገጽታ ለግዕዝ ፊደል የመደበው ፎንት Nyala ነው። ይሁንና ከዊንዶውስ 10 ወዲህ Nyala ከዊንዶውሱ ጋር አብሮ የሚመጣ ሳይሆን Ethiopic Supplemental Fonts በሚል ስም ለብቻው የሚጨመር ስለሆነ፣ ባልተጨመረበት ኮምፒዩተር ላይ ያው ስላይድ አብዛኛውን ጊዜ በEbrima ይታያል። ስለዚህ በቢሮዎ ልክ የመጣው መስመር በአዳራሹ ላፕቶፕ ላይ ተሰብሮ ወደ ታች ቢወርድ ምክንያቱ የፕሮጀክተሩ አይደለም። ሁለት ፎንት ስለማጣመር ከማሰብዎ በፊት አሁን ያሉት ስንት እንደሆኑ ማወቅ ያስፈልጋል፤ የእርስዎ ስላይድ በቢሮዎ Nyalaንና Calibriን፣ Nyala በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ደግሞ Ebrimaንና Calibriን ይዟል፣ Ebrimaን ግን እርስዎ አልመረጡትም።

ጥምረቱን በተመለከተ፣ ለአዳራሽ ሲሆን ጥያቄው የትኛው ፎንት ያምራል የሚል አይደለም። የአማርኛ ፊደል ከላቲን የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ አናባቢው ራሱን የቻለ ፊደል ሳይሆን በፊደሉ አካል ላይ የተቀጠለች ትንሽ ምልክት ነው። ሱን ከሲ የሚለየው ቅጥያው በቀኝ እግር ወገብ ላይ መሆኑ ወይም ጫፉ ላይ መውረዱ ነው፤ ሲን ከሴ የሚለየው ደግሞ እዚያው ጫፍ ላይ ያለው ነገር ጭረት መሆኑ ወይም ቀለበት መሆኑ ነው። እንግዲህ በብዕር አጣጣል የተሠሩትን ፎንቶች፣ Nyalaንም Abyssinica SILንም Noto Serif Ethiopicንም፣ በቅርብ አይተው ይመርምሩ። እንደ ብራና ጽሑፍ ሁሉ ቋሚው እግር ወፍራም፣ አግዳሚው ግን ቀጭን ነው። አናባቢውን የሚሸከሙት ቅጥያዎች ደግሞ አብዛኞቹ አግዳሚ ናቸው። በመጽሐፍ ላይ ይህ የቅጥነትና የውፍረት ልዩነት ለዓይን ውበት ይሰጣል፤ ፕሮጀክተር ብርሃኑን በሸራ ላይ ሲበትነው ግን ቀድሞ የሚጠፋው ቀጭኑ ክፍል ነው። ከኋላ የተቀመጠ ሰው ስ መሆኑን አውቆ ሱ ይሁን ሲ ሳይለይ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ የፊደል ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። የእርስዎን ዓይነት ማኅበር ሪፖርት እንውሰድ። «ትርፉን አባሉ ይከፍላል» እና «ትርፉ ለአባሉ ይከፈላል» በሚሉት መካከል ገንዘቡ የሚሄድበት አቅጣጫ የተገላቢጦሽ ሲሆን፣ በግሡ ውስጥ የሚለያዩት በፍ እና በፈ ብቻ ነው። «ተሰጠ» እና «ተሸጠ» የሚለያዩት በአንዲት የአናት ጭረት ነው። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት ለአንድ ማኅበር ባዘጋጀሁት ስላይድ ላይ «ለቅርንጫፉ የተሰጠ ማሽን» የሚል መስመር ነበር፤ ከኋላ ረድፍ አንድ አዛውንት ተነሥተው «ማሽኑን ማን ፈቅዶ ነው የሸጣችሁት?» ብለው ጠየቁ። ሰብሳቢው ለማስረዳት አሥር ደቂቃ ያህል ወሰደበት። ፎንቱ በብዕር አጣጣል የተሠራና መጠኑም ትንሽ ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእርሳቸው ዓይን አልነበረም።

ስለዚህ ለዝርዝሩ የሚሆነው ቋሚውም አግዳሚውም ተቀራራቢ ውፍረት ያለው ፎንት ነው። ለዚህ Noto Sans Ethiopicን እመርጣለሁ፤ በነፃ ይገኛል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከስስ እስከ ጥቁር ድረስ በተለያየ ውፍረት ተሠርቶ ቀርቧል። ለዝርዝሩ Medium የሚባለውን ውፍረት ይውሰዱ፤ መደበኛው በወረቀት ላይ በቂ ቢሆንም በደካማ ፕሮጀክተር ይሳሳል። ለርእሱ ከእርሱ በግልጽ የሚለይ ነገር ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ የብዕር አጣጣል ያለው Noto Serif Ethiopic በBold ውፍረቱ ጥሩ አጋር ነው። ርእስ መጠኑ ትልቅ ስለሆነ ቀጭኑ ክፍልም ከኋላ ለመታየት የሚበቃ ውፍረት ይኖረዋል። የጥምረት ስሕተት የምለው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ይኸውም ርእሱን በNyala፣ ዝርዝሩን በAbyssinica SIL ማድረግ። ሁለቱም የብዕር ፎንቶች ስለሆኑ ልዩነታቸው ከሩቅ አይታይም፣ ከቅርብ ግን አንዱ በስሕተት የገባ ይመስላል። ሁለት ፎንት ሲጣመር ወይ በግልጽ ይለያይ፣ ወይ አንድ ፎንት በሁለት ውፍረት ይበቃል።

ሦስተኛው ወገን ቁጥሩና እንግሊዝኛው ነው፤ በእርስዎ ሪፖርት ከሁሉም የሚፈለገው ቁጥሩ ስለሆነ ለአጋጣሚ አይተውት። ለእርሱ Noto Sansን በስም ይምረጡለት። የCalibri ትንንሽ ፊደሎች በተመሳሳይ መጠን ከNoto Sans ያነሱ ስለሆኑ፣ ከአማርኛው ጎን ሲቆሙ ቃሉ የተኮማተረ ይመስላል። ፎንት መጫን የማይፈቀድበት ኮምፒዩተር ላይ ከሆኑ ሁሉንም፣ አማርኛውንም ቁጥሩንም፣ በEbrima ይጻፉ፤ እርሱ የራሱ ቦልድ አለው፣ ላቲኑም ከፊደሉ ጋር ተመጣጥኖ የተሠራ ነው።

ወደ ቦልዱና ወደ ማስመሩ ልምጣ፤ ሁለቱም ጉዳት እያደረሱብዎት ነው። Nyala የተሠራው በአንድ ውፍረት ብቻ ነው። ቦልድ የሚለውን ሲጫኑ ፕሮግራሙ ያለውን ቅርጽ ወደ ዳር በማስፋት ሐሰተኛ ቦልድ ያበጃል፤ ጭረቱ ሲሰፋ ቀለበቱ ውስጡ ይደፈናል፣ ሴም ከሩቅ ሲ ይሆናል። ለማጉላት ያደረጉት ነገር ለማንበብ ያስቸገረው በዚህ ነው። እውነተኛ ቦልድ ግን ሠሪው ቀለበቱን ከፍቶ፣ እግሮቹን አራርቆ እንደገና የሣለው ቅርጽ ስለሆነ ይህ ችግር የለበትም። ከሥር ማስመር ደግሞ ለአማርኛ ፈጽሞ አይመከርም፤ የሣልስና የኀምስ ቅጥያዎች ያሉት በእግሩ ጫፍ፣ መስመሩ በሚያልፍበት ቦታ ነው። ከሩቅ ሲታይ ሲም ሴም ሳም መስመሩ ላይ ተጣብቀው አንድ ይሆናሉ። ፊደሉን ማዝመምም እንዲሁ ይቅር፤ በግዕዝ ጽሑፍ ልማድ የሌለው ከመሆኑም በላይ እግሮቹን ያጋድላቸዋል። ማጉላት ሲፈልጉ ውፍረት ወይም ቀለም ይጠቀሙ።

አሁን መጠኑ። «24» የሚለው ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም፤ በሸራው ላይ ስንት ሚሊሜትር ሆኖ እንደሚያርፍና ያ ከስንት ሜትር እንደሚታይ እስካልታወቀ ድረስ 24 ትልቅም ትንሽም አይደለም። በፓወር ፖይንት የአንድ ስላይድ ከፍታ፣ የፊደል መጠን በሚለካበት አሃድ፣ 540 ነጥብ ነው፤ ይህ ከፍታ በእርስዎ ሸራ ላይ 2,000 ሚሊሜትር ይሆናል። ግን 24 የሚለው የፊደሉ ቁመት አይደለም፤ ፊደሉ የተቀመጠበት ሣጥን ቁመት እንጂ። ፊደሉ ራሱ ከሣጥኑ ምን ያህሉን እንደሚይዝ ከፎንት ፎንት ስለሚለያይ በእጅ ይለኩት። ሰ የምትለውን ፊደል በ100 መጠን ይጻፉ፣ ላይዋንና ታችዋን በልክ የሚነካ አራት ማዕዘን ይሣሉባት፣ ከዚያም የአራት ማዕዘኑን ከፍታ በሴንቲሜትር ያንብቡ። 100 ነጥብ 3.53 ሴንቲሜትር ነው። አራት ማዕዘኑ ለምሳሌ 2.3 ሴንቲሜትር ከሆነ ፊደሉ የሣጥኑን 0.65 ይይዛል ማለት ነው። ከዚህ በታች ያለውን ስሌት በዚህ 0.65 እቀጥላለሁ፤ እርስዎ ያገኙት ቁጥር የተለየ ከሆነ እርሱን ይተኩበት።

ባለፈው ዓመት ምን እንደተከሰተ በዚህ ማየት ይቻላል። 24 ነጥብ በ0.65 ሲባዛ 15.6 ነጥብ የፊደል ቁመት ይሰጣል፤ ይህም ለ540 ተካፍሎ በ2,000 ሲባዛ 58 ሚሊሜትር ያህል ነው። የዓይን ሐኪም ሰንጠረዥ ላይ ደኅና ዓይን ለይቶ የሚያነበው ትንሹ ፊደል በ6 ሜትር 8.7 ሚሊሜትር ቁመት አለው፤ ያው ፊደል በ16 ሜትር 23 ሚሊሜትር ይሆናል። ፊደሎችዎ የዚህ ሁለት እጥፍ ተኩል ስለሆኑ «መታየት ነበረባቸው» ሊሉ ይችላሉ። ችግሩ ግን ያ ሰንጠረዥ ዓይንን አጥብቆ፣ አንድ ፊደል በአንድ ጊዜ፣ በጥሩ ብርሃን የሚነበብ የመጨረሻ ጠርዝ መሆኑ ነው። የዓይኑ ብርታት የዚያ ግማሽ ለሆነ አባል፣ እንዲህ ያሉ ሰዎች ደግሞ በማንኛውም ጉባኤ ጥቂት አይደሉም፣ ጠርዙ 46 ሚሊሜትር ነው። ከ46 እስከ 58 ያለው ትርፍ ሙሉ አረፍተ ነገር እያነበቡ ተናጋሪውን ለማዳመጥ አይበቃም።

እኔ የምሠራበት ልክ ሁለት እርከን አለው። የፊደሉ ቁመት በምንም ሁኔታ ከርቀቱ አንድ ሁለት መቶኛ አይነስ፤ ለመነበብ የታሰበው ዋና ጽሑፍ ደግሞ ከርቀቱ አንድ መቶ ሃምሳኛ ይሁን። የመጀመሪያው ለኮምፒዩተር ስክሪን በተዘጋጁ ዓለም አቀፍ መመዘኛዎች ዝቅተኛ ተብሎ ከተቀመጠው የእይታ ማዕዘን ጋር ይቀራረባል። ሁለተኛውን ወደ ላይ ያወጣሁት ከላይ ስላነሣኋቸው ቅጥያዎች ስል ነው፤ ለላቲን የሚበቃ መጠን ለፊደላችን ሁልጊዜ አይበቃም። በ16 ሜትር ዝቅተኛው 80 ሚሊሜትር፣ ለዝርዝሩ የሚፈለገው 107 ሚሊሜትር ይሆናል። ወደ ነጥብ ሲመለስ፣ 80 ሚሊሜትር ከ2,000 ላይ 21.6 ነጥብ የፊደል ቁመት ስለሆነ ለ0.65 ሲካፈል 33፣ 107ቱ ደግሞ በተመሳሳይ መንገድ 44 ይመጣል። ስለዚህ ዝርዝርዎ 44፣ ርእስዎ 60፣ በስላይዱ ላይ የሚገኝ ማንኛውም ሌላ ጽሑፍ፣ የሰንጠረዥ ራስጌም የቀን ምልክትም ጭምር፣ ከ34 በታች አይውረድ።

44 እንደሚያስደነግጥዎት አውቃለሁ። በዚህ መጠን አንድ መስመር አምስት ቃል ገደማ ይይዛል። በመስመሮች መካከል በቂ ክፍተት ከተተወ፣ ከርእሱ በታች ስድስት መስመር ቢገባ ነው። የትምህርት ቤት አዳራሽ ወለሉ ጠፍጣፋ ስለሚሆን ከፊት የተቀመጡት ራስ የሸራውን ታች ይሸፍናል፤ የስላይዱን የታችኛውን አንድ ስድስተኛ ባዶ መተው የግድ ነው። በመሆኑም «በ44 አልገባ አለኝ» ብለው ወደ 28 ከመውረድዎ በፊት ጽሑፉን ለሁለት ስላይድ ይክፈሉት። ሰባት ዓምድ ያለውን የገቢና ወጪ ሰንጠረዥ ግን በየትኛውም ፎንት አያስገቡትም። በ34 መጠን የሚነበብ ሰንጠረዥ ሦስት ዓምድና ስድስት ወይም ሰባት ረድፍ ነው። ሙሉውን ሰንጠረዥ በወረቀት አትመው በር ላይ ያድሉ፤ በሸራው ላይ ጠቅላላ ገቢ፣ ጠቅላላ ወጪ፣ የሚከፋፈል ትርፍ፣ እነዚህን ሦስቱን ብቻ ያሳዩ። አባላቱ ክርክር የሚያነሡት በእነዚህ ላይ ነው።

እነዚህ ቁጥሮች ግን ከፓወር ፖይንት ውጭ ሲወጡ ይሳሳታሉ። የጉግል ስላይድስ መደበኛ ገጽ ከፍታው 405 ነጥብ ስለሆነ እዚያ 33 ያሉት ፊደል በፓወር ፖይንት 44 ካሉት ጋር እኩል ነው፤ የሥራ ባልደረባዎ በአንዱ ጀምሮ እርስዎ በሌላው ከጨረሱት ቁጥሩን ሳይሆን ከገጹ ከፍታ ጋር ያለውን ንጽጽር ይመልከቱ። በፓወር ፖይንት ውስጥም ጽሑፍ ከሣጥኑ ሲተርፍ ፕሮግራሙ በራሱ እያሳነሰ የሚያስገባበት ልማድ አለ። 44 ብለው የጀመሩት ሰባተኛው መስመር ላይ ሲደርሱ ሳያውቁት 36 ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ፤ በጽሑፍ ሣጥኑ ቅንብር ውስጥ Do not Autofit የሚለውን ይምረጡ። ፎንቶቹን ሲጭኑ ውፍረቶቹን ሁሉ በአንድ ፋይል የሚይዘውን ሳይሆን static በሚለው ማኅደር ውስጥ ለየብቻ የተቀመጡትን ይጫኑ፤ ፓወር ፖይንት የመጀመሪያውን ዓይነት በአግባቡ አያስተናግድም። ፋይሉን ሲያስቀምጡ Embed fonts in the file የሚለውን ምልክት ያድርጉበት፤ ለጥንቃቄም በፒዲኤፍ አንድ ቅጂ ይያዙ። ፒዲኤፉ እንቅስቃሴ ባይኖረውም ፊደሉን አይለውጥም። አንድ ጥንቃቄ ይቀራል፦ ከቀድሞ ሪፖርት የሚቀዱት ጽሑፍ ዩኒኮድ ባልሆነ አሮጌ የአማርኛ ፕሮግራም የተጻፈ ከሆነ ፎንቱን ሲቀይሩ ወደ ትርጉም የለሽ ምልክቶች ይለወጣል። እርሱ የሚስተካከለው ወደ ዩኒኮድ በመለወጥ ወይም እንደገና በመጻፍ እንጂ ሌላ ፎንት በመሞከር አይደለም።

ቀለምን በአጭሩ፦ አዳራሹ መስኮት ያለውና ቀን ላይ የሚሰበሰብ ከሆነ ነጭ መደብ ላይ ጥቁር ፊደል ያድርጉ። ፕሮጀክተር ጥቁርን አያበራም፤ ጥቁር የሚመስለው ከአዳራሹ ብርሃን ጋር እኩል የሆነው ሸራ ነው፣ ስለዚህ በጨለማ መደብ የተሠራ ስላይድ በቀን ብርሃን ግራጫ ላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል።

ውጤቱን ለማረጋገጥ አዳራሹን ማስከፈት አያስፈልግዎትም። 16 ሜትር የ2 ሜትር ስምንት እጥፍ ነው፤ ስለዚህ በላፕቶፕዎ ላይ ስላይዱን ሙሉ ስክሪን ከፍተው የምስሉን ከፍታ በማስመሪያ ይለኩ። 17 ሴንቲሜትር ከሆነ የስምንት እጥፉ 1 ሜትር ከ36 ነው፤ ከዚያ ርቀት ላይ የሚያዩት ስላይድ ከመጨረሻው ወንበር ከሚታየው ጋር በመጠን እኩል ነው። ራስዎ አያንብቡት፤ ጽሑፉን ስለሚያውቁት ያልታየዎትን ፊደል ሐሳብዎ ይሞላዋል። ስላይዱን አይተው የማያውቁ፣ ከተቻለ ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆኑ ሰው ያቁሙና ሙሉ አረፍተ ነገር ሳይሆን የተነጣጠሉ ቃላት ያስነብቡ፦ ተሰጠ፣ ተሸጠ፣ ይከፍላል፣ ይከፈላል፣ ቢሮ፣ ቤት፣ ቡና፣ ከእነርሱም ጋር ሁለት የሰው ስምና አንድ ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር። ሳይጠጉና ሳያጨናብሱ ከለዩ መጠኑ በቂ ነው። ከአንዱ በላይ ከተሳሳቱ ግን አራት ነጥብ ጨምረው ደግመው ይፈትኑ። የላፕቶፕ ስክሪን ከፕሮጀክተር ይልቅ ጥርት ያለ ስለሆነ፣ እዚህ ላይ በመከራ ያለፈ ስላይድ አዳራሹ ውስጥ እንደወደቀ ይቁጠሩት።

የዚህ ሁሉ ወሰን ያ ስምንት እጥፍ ነው። የመጨረሻው ወንበር ከምስሉ ከፍታ ስምንት እጥፍ አልፎ ከሄደ፣ ለምሳሌ ያው የ2 ሜትር ምስል ሆኖ 22 ሜትር ቢርቅ፣ ዝርዝሩ 60 መሆን አለበት፤ በ60 ደግሞ አንድ ስላይድ ላይ ሦስት ወይም አራት መስመር እንጂ አይገባም። እዚያ ላይ ፎንት መምረጡን ትተው ፕሮጀክተሩን ወደ ኋላ በመግፋት ምስሉን ያሳድጉ። ምስሉ ሲያድግ ብርሃኑ ስለሚሳሳ ከፊት ያሉትን መጋረጃዎች ይዝጉ፤ ሸራው ከዚያ በላይ ምስል የማይቀበል ከሆነ ከጉባኤው በፊት የመጨረሻዎቹን ረድፎች ወንበሮች አንሥተው በጎን በኩል ይደርድሯቸው።